አንድ ቀን ያልኩት ሦስት ቀን ነበር፦ ለአንጋፋ ተዋናይት ወኪል የጻፍኩት ደብዳቤ

በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ ለአንዲት አንጋፋ ተዋናይት ወኪል የላክኩት ደብዳቤ አራት ገጽ ነበር። ሁለቱ ገጾች የእሷን ታላቅነት ያወሳሉ፤ ሦስተኛው ስለ ጅማና ስለ ቡናዋ ነው፤ አራተኛው ስለ እኛ ሕልም ይተርካል። መቼ እንደምንፈልጋት፣ ስንት እንደምንከፍላትና ምን ያህል እንደምትናገር ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ስለ ሚናው የነበረው ቃል «አጭር ቢሆንም እጅግ ወሳኝ» የሚል ብቻ ነው፤ ስለ ክፍያው ደግሞ «በመነጋገር» ብዬ አልፌዋለሁ። ጽፌ ስጨርስ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ፊልሙ የ14 ደቂቃ ነው፤ ሙሉ በጀቱ 400,000 ብር። ገንዘቡ የእኔ፣ የዳይሬክተሩና ቡና የሚነግደው አጎቴ ያዋጣነው ነው። ታሪኩ የለቀመውን እሸት ቡና ለነጋዴ ስለሚያስረክብ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ነጋዴው ሞቷል፤ ልጁን የምታስተናግደው ሚስቱ ናት። ባሏ ሲሠራበት የኖረው ሚዛን እንደሚዋሽ ታውቃለች፤ ልጁም እንደ ነቃበት ከዓይኑ ታነባለች። ስለ ሚዛኑ ግን ምንም ሳትናገር ቡና ቀድታ ትሰጠዋለች። አንድ ትዕይንት፣ ሰባት ዐረፍተ ነገር፣ የቀረው ፊትና እጅ ነው። ለዚህች አንድ ትዕይንት ነው አንጋፋ ተዋናይት የፈለግነው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ወኪሏ ደወለ።

«ደብዳቤዎን አይቼዋለሁ። ስንት ቀን ነው?» አለ።

«አንድ ቀን ብቻ!» አልኩ፣ ደስ እንዲለው።

«ጅማ አይደለም እንዴ? መጥታ፣ ሠርታ፣ ተመልሳ ነው አንድ ቀን?»

ዝም አልኩ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ደግሞ አንገቴን አስደፋኝ። «ለስንት ሰው ልከውታል?»

ለሦስት ተዋናዮች ወኪሎች ነበር የላክኩት፣ ያውም በአንድ ቀን፣ ስም ብቻ እየቀየርኩ። ሁለቱ ወኪሎች ለካ በየሳምንቱ አብረው ቡና የሚጠጡ ጓደኛሞች ኖረዋል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሲያሳይ ሌላው የራሱን አወጣ። «እመቤቴ፣ ይህን ሚና ከእርስዎ በቀር የሚሸከመው የለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሁለቱም ስልክ ላይ ነበረ።

ሰውየው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ግብዣ ከላኩ፣ እሺ ካለች ሥራው የእሷ ነው። ሦስቱም እሺ ቢሉ ለሁለቱ ምን ሊሏቸው ነበር?» አለኝ። ነፃ መሆኗን ብቻ ማወቅ ከፈለግኩ «በእነዚህ ቀናት ሥራ አላት ወይ? ይህ ጥያቄ እንጂ ግብዣ አይደለም» ብሎ መጻፍ እንደሚቻል፣ ያንን ለአምስት ሰው ብልክም ማንም እንደማይቀየም ነገረኝ። ግብዣ ግን ለአንድ ሰው ይላካል፤ ቀነ ገደብ ይቆረጥለታል፤ ቀኑ እስኪያልፍ ይጠበቃል። «እንደ ሥራ ደብዳቤ ጽፈው ይላኩልኝና አሳያታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ወኪሉ ያለበትን ቦታ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። በኋላ ባቀረብነው 50,000 ብር ላይ ድርሻው አሥር በመቶ ነው ብንል እንኳ የሚደርሰው 5,000 ብር ነው። ለዚህች ገንዘብ የሚደውለው የስልክ ብዛት ግን ለረጅም ተከታታይ ድራማ ከሚደውለው አያንስም። ስለዚህ ደብዳቤው የእሱን ድካም መቀነስ አለበት። ለተዋናይቷ በስልክ ሲያነብላት የምትጠይቀው ነገር ሁሉ መልሱ እዚያው መገኘት አለበት። አራት ገጽ ውዳሴ ለእሱ ሥራ መጨመር ነው። ውዳሴውን እንደሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ጥቅምት 6 ላክኩ። ስሞቹን አውጥቼ እንዳለ እነሆ፦

«ጉዳዩ፦ ለአንድ ትዕይንት ትወና የቀረበ የሥራ ግብዣ

ጤና ይስጥልን። በራሳችን ወጪ በምንሠራው የ14 ደቂቃ አጭር ፊልም ውስጥ ወይዘሮ … የነጋዴውን ሚስት ሆነው እንዲተውኑልን እንጋብዛለን። ሚናው ትንሽ ነው፦ አንድ ትዕይንት፣ በስክሪፕቱ ሦስት ገጽ ተኩል፣ ሰባት ዐረፍተ ነገር። መሪ ተዋናዩ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ከዚህ በፊት ተውኖ አያውቅም። ሙሉው ስክሪፕት ተያይዟል፤ የእርሳቸው ትዕይንት ከገጽ 9 እስከ 12 ነው።

እርሳቸውን የመረጥነው ሴትየዋ ጥፋቷን በቃል ሳትናዘዝ ተመልካቹ ከፊቷ ሊያነበው ስለሚገባ ነው።

ቀረጻው ማክሰኞ ህዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 3 ቀን 2024፣ ጅማ ከተማ ነው። የሥራው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት፣ የምሳ ዕረፍትን ጨምሮ ነው። ሰኞ ህዳር 23 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ ረቡዕ ህዳር 25 ይመለሳሉ። ስለዚህ ከጊዜያቸው የምንወስደው ሦስት ቀን ነው። በረራ ቢሰረዝ መኪና ከሾፌር ጋር እናዘጋጃለን። ለእርሳቸውና አብሯቸው ለሚመጣ አንድ ሰው ትኬት፣ ሁለት የሆቴል ክፍልና ምግብ በእኛ ነው።

ክፍያው ለቀረጻው ቀን 40,000 ብር፣ ለሁለቱ የጉዞ ቀናት 5,000፣ 5,000 ብር፣ በድምሩ 50,000 ብር ነው። ይህ ግብር ከተቀነሰ በኋላ በእጃቸው የሚገባው ነው፤ ግብሩን እኛ እንከፍላለን። ግማሹ ውል ሲፈረም፣ ግማሹ በቀረጻው ዕለት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይከፈላል። ከ11 ሰዓት በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ሰዓት 3,000 ብር እንጨምራለን። ከቀረጻው በፊት ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ እኛ ብንሰርዝ የተከፈለው ቅድሚያ አይመለስም።

ፊልሙ በፌስቲቫሎችና ለሁለት ዓመት በራሳችን የዩቲዩብ ገጽ ይታያል። ለቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም ለማስታወቂያ ከተፈለገ በአዲስ ስምምነት ይሆናል።

እስከ ረቡዕ ጥቅምት 20 ድረስ ይህን ሚና ለሌላ ሰው አናቀርብም። ውል እስኪፈረምም ስማቸውን ለማንም አንናገርም።»

መልሱ በማግስቱ በስልክ መጣ፤ የመጀመሪያው ቃል ግን «ማክሰኞ?» የሚል ነበር። በፊት ስንነጋገር ህዳር 24 ስለው በስልኩ መዝገብ ላይ ኖቬምበር 24 ብሎ ይዞት ኖሯል፤ ያ ደግሞ እሑድ ነው። ወኪሎች የበረራ ትኬትም፣ የውጭ ሥራም ስለሚይዙ መዝገባቸው ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ነው፤ ሲናገሩት ግን ኖቬምበርንም ህዳር ይሉታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዘጠኝ ቀን ነው። የዕለቱን ስም ባልጽፍ ኖሮ እሷ ኖቬምበር 24 ሻንጣዋን ይዛ ትጠብቀን ነበር፣ እኛ ደግሞ ገና መብራት ስንከራይ። አሁን ቀን ስጽፍ ዕለቱን፣ ሁለቱንም አቆጣጠርና ሰዓቱ በየትኛው እንደሆነ ሳልጽፍ አላልፍም። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 07:00 የሚለውን «ከጠዋቱ 7 ሰዓት» ብሎ የተረጎመ ረዳት ነበረኝና ሰዓቱንም የምለው በከንቱ አይደለም።

ቀጥሎ የጠየቀው ያላሰብኩትን ነበር። «ቡናውን ትጠጣለች?»

ስክሪፕቱ ላይ ለልጁ ከቀዳች በኋላ ለራሷ ቀድታ ትጠጣለች። «የነቢያት ጾም ህዳር 15 ይገባል። እሷ እስከ 9 ሰዓት ውኃም አትቀምስም» አለ። እኛ ጅማ ስንኖር ግማሹ ጎረቤት ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ስለሆነ በጾም ወቅት ማን ምን እንደሚበላ ማወቅ የዕለት ሥራችን ነው፤ ለፊልሙ ግን አልታየኝም። መጀመሪያ የያዝነው ቀን ቅዳሜ ህዳር 21 ነበር። የዕለቱን ጽዮን ማርያም መሆን ያስታወሰችኝ እናቴ ናት፤ የጾሙን ነገር ግን እሷም አልነገረችኝም። ከዳይሬክተሩ ጋር ተማክረን የቡናውን ቀረጻ ከ9 ሰዓት በኋላ አደረግነው። ቤት ውስጥ ስለሆነ በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን በመብራት ማስተካከል ይቻላል። ምሳውንም የጾም አደረግን። ይህ ውሳኔ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል፤ እመለስበታለሁ።

ትልቁ ድርድር የተካሄደው ግን በገንዘብ ላይ አልነበረም፤ ክፍያውን በአንድ ቃል ተቀበለ። ረጅሙ ጭቅጭቅ በፖስተር ላይ ነበር። ወኪሉ የሚፈራው አንድ ቀን ሠርታ የወጣችበት ፊልም «የእሷ ፊልም» ተብሎ እንዳይሸጥ ነው። ከዚህ በፊት ደርሶበታል፦ ሦስት ደቂቃ የታየችበት አጭር ፊልም ፖስተር ላይ ፊቷ ብቻ ወጥቶ ተመልካቹ ሲወጣ የሰደበው እሷን ነው። ስለዚህ ስሟ ከተዋንያን ዝርዝር መጨረሻ «በልዩ ተሳትፎ» ተብሎ እንዲጻፍ፣ የፊደሉ መጠን ከልጁ ስም እንዳይበልጥ፣ ፖስተር ላይ ፊቷ ብቻውን እንዳይወጣ፣ በማስተዋወቂያ ቪዲዮ ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ እንዳትታይ ጠየቀ። እኔ ደግሞ አንጋፋ ተዋናይት የፈለግኩት ግማሹ ምክንያት ለስሟ ነው፤ መካድ አልችልም። ስሟን ከተውኩ ፌስቲቫል ላይ ማን ያየናል?

ሁለት ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ ትክክል ሆኖ ያገኘሁት የእሱን ነው፤ ፊልሙ የልጁ ነው፣ ሌላ መስሎ የሚገባ ተመልካችም ተናድዶ ነው የሚወጣው። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፦ ለፌስቲቫል መራጮች በምንጽፈው ማመልከቻ ላይ ስሟን በመጀመሪያው አንቀጽ ለማንሳት። እሱን ፈቀደ፤ መራጮች ፊልሙን ስለሚያዩት የሚታለል የለም።

እዚህ ላይ ሳልናዘዝ የማልፈው አለ። «ስማቸውን ለማንም አንናገርም» ብዬ በጻፍኩበት ሳምንት ክፍል በቅናሽ እንዲሰጠኝ ለአንድ የሆቴል ባለቤት እንደምትመጣ ነግሬው ነበር። ተመልሼ ሄጄ ገና እንዳልተፈራረምን ነገርኩት። ቅናሹን አነሳብኝ፤ ሁለቱን ክፍሎች በሙሉ ዋጋ ያዝኩ። ተጨማሪ ወጪው በጀቱን አልናደውም። የሰውየው አስተያየት ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም፤ ዋሽቼ እንጂ ቸኩዬ እንደሆነ አላመነኝም።

ጥቅምት 19 ቀን እሺታዋ መጣ፤ ከቀነ ገደቡ አንድ ቀን አስቀድሞ። ወኪሉ እንደ ነገረኝ ስክሪፕቱን ገና ሳታነብ የጠየቀችው «ልጁ የሚዛኑን ነገር እንዳወቀ እኔ የማውቀው እንዴት ነው?» ብላ ነው። ይህን የጠየቀችው ከደብዳቤው አንድ ዐረፍተ ነገር ተነሥታ ነው፣ ያችው «እርሳቸውን የመረጥነው» የምትለዋ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ሁለት ገጽ ፈጅቼ እንዲህ ያለ ጥያቄ አላስነሣሁም።

በቀረጻው ቀን ጠዋት ሁሉም ነገር በሰዓቱ ሄደ። ቤቱ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ጀንፈል ተሰጥቷል፤ ሚዛኑ በረንዳ ላይ ተሰቅሏል። ጆንያው ሲሰቀል ተዋናይቷ የሚዛኑን ዘንግ በትንሿ ጣቷ ጫፍ ደገፍ አደረገችው። ስክሪፕቱ ላይ የለም፤ ማንም አልነገራትም። ልጁ ጣቷን አየ፤ እሷም እንዳያት አየችና ጣቷን ወደ ነጠላዋ ከተተች። ሙያተኛ ያልሆነው ልጃችን በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መተወኑን ረሳ። ዳይሬክተሩ «በቃ» ለማለት ድምፅ አጥቶ በእጁ ነው ያስቆመው።

ከዚያ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ዘነበ። በህዳር መጨረሻ ዝናብ ያቆማል ይባላል እንጂ ጅማን የሚያውቅ ጃንጥላውን አይሰቅልም። በደብዳቤው ላይ ባልጽፈውም በልቤ «የቡናው ክፍል ቤት ውስጥ ነው፣ ዝናብ አያስቆመንም» ብዬ ነበር። ቆርቆሮውን ረስቼዋለሁ። ሥዕሉ ምንም አልሆነም፤ ድምፅ ቀራጩ ግን ማዳመጫውን አውልቆ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዝናቡ በቀር የሚሰማው ነገር የለም። ለጾሙ ብለን ያስተላለፍነው የቡናው ክፍል ንግግር ያለበት ነው፤ ከሰባቱ ዐረፍተ ነገሮች አምስቱ እዚያ ናቸው። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከልጁ ጋር ቃሉን እያጠናች ጠበቀች። ዝናቡ 10 ሰዓት ላይ አባራ፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው እስኪያቆም ሌላ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። የጨረስነው ልክ 12 ሰዓት ነው፣ የመስኮቱ ብርሃን ሲያልቅ። አንድ የትርፍ ሰዓት፣ 3,000 ብር። ያን ማታ በባንክ ላክኩት፣ ደረሰኙን ለወኪሉ በቴሌግራም አስተላልፌ። ማንም ሳይጠይቀኝ መላኬ ጥሩ ነበር፤ ምክንያቱም ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲደውል የተናደደበት ሌላ ጉዳይ ነበርና።

ከጎረቤት ልጆች አንዱ በአጥር ላይ ሆኖ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ፎቶ አንሥቷታል። የእኛው የመብራት ረዳት ያንኑ ፎቶ ተቀብሎ «ከእመቤታችን ጋር በሥራ ላይ» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል። ነጠላዋ ተጎሳቁሎ፣ ፊቷ በሜካፕ ጠውልጎ፣ የታመመች ትመስላለች። ከሥሩ ደግሞ «ምን ነክቷት ነው?» የሚል የሐዘኔታ ጎርፍ። ስለ ፖስተር፣ ስለ ማስተዋወቂያ ቪዲዮ፣ ስለ ፊደል መጠን ሁለት ቀን ሙሉ ስንከራከር የሞባይል ፎቶ የሚል ቃል ከሁለታችንም አልወጣም። ረዳቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አነሣው፤ የጎረቤቱን ልጅ ስልክ ያገኘነው ግን በነጋታው ነው።

አሁን በምልከው ደብዳቤ ላይ፣ ከዩቲዩቡ አንቀጽ ቀጥሎ ይህች አለች፦ «በቀረጻ ቦታ የሚነሣ ማንኛውም ፎቶና ቪዲዮ ያለ እርሳቸው ፈቃድ አይለጠፍም፤ የቀረጻው ቡድን አባላት ሁሉ ይህን ፈርመው ነው ሥራ የሚጀምሩት፤ ግቢውም በሸራ ይከለላል።»